እስከ ሦስት ብቻ ቁጠሩ፦ ሐሳቡ ከሁለት ትንፋሽ በኋላ ለሚጠፋበት ሰው የትንፋሽ ቆጠራ መመሪያ

"ትንፋሻችሁን ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ከጠፋባችሁ እንደገና ከአንድ ጀምሩ።" የትንፋሽ ቆጠራ ሜዲቴሽን መጀመር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። ምክሩ ምንም ስህተት የለበትም። ግን ሁለት ብሎ ሳይጨርስ ሐሳቡ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለተገኘ ሰው አሥር በጣም ሩቅ ነው።

እስቲ እናስላው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 15 ብለን ብንይዝ፣ መሳቡም ማስወጣቱም ተደምሮ አንዱ ትንፋሽ 4 ሰከንድ ይወስዳል። አሥር ትንፋሽ 40 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ሐሳባችሁ በ8 ሰከንድ ውስጥ የሚሸሽ ከሆነ የምትጠፉት ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ነው። እስከ አሥር ቁጠሩ ስትባሉ የተጠየቃችሁት ከአቅማችሁ አምስት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አምስት ደቂቃ ሙሉ ተቀምጦ አንዴም አሥር ሳይደርስ ይነሳል። ከዚያ "በቃ እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም" ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ እኔ የምለው እስከ ሦስት ብቻ ቁጠሩ ነው። ሦስት ትንፋሽ 12 ሰከንድ ነው። አሁን ካላችሁበት ትንሽ አለፍ ይላል፤ ግን ይደረስበታል።

ይህ ምክር ከጥንቱ ሥርዓት ትንሽ ወጣ ይላል። ትንፋሽ መቁጠር የቆየ የቡድሂስት መምህራን ልማድ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ ያስተማረው ቡድሃጎሳ ከአምስት በታች አትቁጠሩ፣ ከአሥርም አትለፉ ይላል። ምክንያቱንም ያስረዳል። ከአምስት ሲያንስ አእምሮ ጠባብ በረት ውስጥ እንደታጎረ ከብት ይንፈራገጣል። ከአሥር ሲያልፍ ደግሞ ትንፋሹን ትቶ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ትክክል ነው። ሦስት ላይ ብዙ የቆየ ሰው መሰላቸቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ሦስት ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ የሚሆነው፤ ወደ አምስትና ወደ አሥር መቼ እንደሚታለፍ ኋላ ላይ እናየዋለን።

አመጣጡ አሳስቧችሁ ለምትጠይቁ፣ እዚህ በምናደርገው ቆጠራ ውስጥ ጸሎትም ስግደትም የለም። ጠዋት ጸሎት የምታደርሱ ከሆነ ግን አትቀላቅሉት። ጸሎታችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ ቁጠሩ። ባንድ ላይ ካደረጋችኋቸው ሁለቱም በግማሽ ልብ ይሆናሉ።

ቦታውና ሰዓቱ

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ጸጥታ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው መቼም አይጀምርም። ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ቅዳሴ ይሰማል፤ ከመስጊድ አዛን ይሰማል። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ወያላው "ስታዲየም፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮ!" ይላል። ትንሽ ቆይቶ የሆነ ቦታ ብረት መቁረጥ ይጀመራል።

ደግነቱ ድምፅ ሁሉ እኩል አይረብሽም። በጣም የሚያስቸግረው ጮክ ያለው ሳይሆን ትርጉሙ የሚገባን ወሬ ነው። ግድግዳ አልፎ የሚሰማ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ኮሪደር ላይ ስልክ የምታወራ ሴት፣ የሬዲዮ ዜና፤ እነዚህ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም አእምሮ ተከትሏቸው ይሄዳል። የመኪና ጥሩምባና የሞተር ድምፅ ግን ትንሽ ቆይቶ ይለመዳል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ፣ ከጎረቤት ሳሎን ጋር ግድግዳ ከሚጋራው ክፍል ይልቅ መንገድ ዳር ያለው ይሻላል። እንግዳ ምክር ይመስላል፤ ሞክሩትና ፍረዱ።

ሰዓቱ ጠዋት ከቁርስ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥላል። ሁለት ስኒ ቡና እላዩ ላይ ጠጥቶ ወዲያው መቀመጥም ልብን ያስሮጣል፤ ቡናው በኋላ ይድረስ።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አትጨነቁ። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይበቃል። ከመደገፊያው ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የእግራችሁ መዳፍ ሙሉ ለሙሉ ወለሉን ይንካ፤ እጃችሁ ጭናችሁ ላይ ይረፍ። ሶፋ አይሆንም፤ ወገብ ይሰምጥና እንቅልፍ ይከተላል። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም። የሚያንቀላፋችሁ ከሆነ ከፈት አድርጋችሁ ከፊታችሁ ያለውን ወለል እዩ።

ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙሉት። ከዚያ ከጀርባችሁ አስቀምጡት። ጭናችሁ ላይ ከሆነ "ስንት ቀረኝ" ብላችሁ ታዩታላችሁ። አጠገባችሁ ደግሞ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር። ከመቀመጣችሁ በፊት ዛሬ እንዳይረሳ የምትፈሩትን ነገር ጻፉበት፦ የመብራት ክፍያ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ መልሳችሁ መደወል ያለባችሁ ሰው። እነዚህ ነገሮች ትንፋሽ መሀል ሲመጡ "ብረሳውስ?" የሚል ማባበያ ይዘው ነው የሚመጡት። ወረቀት ላይ ካሉ ማባበያው ጉልበት ያጣል።

አቆጣጠሩ

መጀመሪያ ሳትቆጥሩ ጥቂት ጊዜ ተንፍሱ። የምትፈልጉት ትንፋሹ ጎልቶ የሚሰማችሁን ቦታ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጠዋቱ አየር ይቀዘቅዛል። ይህ ለእኛ ጠቅሟል። አየሩ ሲገባ የአፍንጫ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሲወጣ ሞቅ ይላል። ይህ ልዩነት ለጀማሪ በጣም የሚጨበጥ ነገር ነው። ጉንፋን ይዟችሁ አፍንጫችሁ ከተዘጋ ሆዳችሁን ያዙ፤ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ይሰማችኋል። አንዱን ምረጡና አምስቱን ደቂቃ እዚያው ቆዩ። መሀል ላይ ከአፍንጫ ወደ ሆድ መዘዋወር ራሱ ሌላ መንከራተት ነው።

አሁን ቁጠሩ። አየር ስትስቡ ዝም በሉ። ስታስወጡ በልባችሁ "አንድ" በሉ፤ ግን ቶሎ ብላችሁ አትጨርሱት። ትንፋሹ መውጣት ሲጀምር ጀምሮ ወጥቶ እስኪያልቅ ይርዘም፦ "አአአን...ድ"። ቁጥሩን ባጭሩ ብላችሁ ካለፋችሁት ቀሪው ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ሐሳብ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ሲረዝም ግን ቁጥሩና ትንፋሹ እኩል ይሄዳሉ።

ሌላም ክፍተት አለ። አየሩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት፣ ሰውነት ትንሽ ያርፋል። እንደ እኔ እንደ እኔ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው። ምንም የሚሰማ ነገር ስለሌለ አእምሮ "ሥራ ፈታሁ" ብሎ ይነሳል። እዚያች ቅጽበት ላይ ሥራ ስጡት፦ የሚቀጥለው አየር መግባት የሚጀምረው መቼ እንደሆነ ይጠብቅ። አትሳቡት፤ እሱ ራሱ ይመጣል። የመጀመሪያዋ ቀዝቃዛ ንክኪ ስትመጣ ያዟት።

ከዚያ ጣት ጨምሩበት። "አንድ" ስትሉ አውራ ጣታችሁ ጠቋሚ ጣታችሁን ይንካ። "ሁለት" ላይ የመሀል ጣታችሁን። "ሦስት" ላይ የቀለበት ጣታችሁን። ከዚያ ወደ ጠቋሚው ተመለሱና "አንድ"። አራት የለም። ይህች ጣት ለምን እንደምትጠቅም አሁን ታዩታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትንፋሹን አታስረዝሙት፣ አታጥልቁት። በራሱ እንደመጣ ቁጠሩት። ጀማሪ ሰው ቆጠራ ሲጀምር ሳያውቀው በረጅሙና በኃይል ይተነፍሳል። ምልክቱ ራስ ቀለል ማለት፣ የጣት ጫፍ ወይም ከንፈር መንዘር፣ ደረት መጨናነቅ ነው። ይህ ተመስጦ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ስለተነፈሳችሁ ከደማችሁ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀንሶ ነው። ቆጠራውን አቁሙ፣ ዓይናችሁን ግለጡ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫችሁ እንደወትሮው ተንፍሱ። ሲለቃችሁ ቀጥሉ።

ሐሳብ ሲሸሽ ምን ይደረጋል

አንድ ሰው እናስብ። ካዛንቺስ ቢሮ የምትሠራ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል የተከራየች ሴት ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"አንድ።" አውራ ጣት ጠቋሚዋ ላይ። "ሁለት።" መሀል ጣቷ ላይ። እዚያች ክፍተት ላይ አከራይዋ ትዝ አሏት። ትናንት ማታ ደረጃ ላይ አግኝተዋት "ልጄ፣ ስለ ኪራዩ ሰሞኑን እንነጋገራለን" ብለዋታል። ልጅቷ አሁን በልቧ መልስ እየሰጠች ነው። "እትዬ፣ ያለፈው ጭማሪ እኮ ገና ዓመት አልሞላውም።" እሳቸው ይመልሳሉ። እሷ ትቀጥላለች። ክርክሩ ሞቅ አለ። ቤት ልትለቅ ሆነ። ዕቃ የሚጭን አይሱዙ ስንት ይጠይቃል? ሲኤምሲ ያለችው ጓደኛዋ ጋ ለጊዜው ትገባ ይሆን?

እዚህ ላይ አውራ ጣቷ ተሰማት። አሁንም መሀል ጣቷ ላይ ተጣብቋል። ከስንት ትንፋሽ በፊት ነው እዚያ የቆመው? አታውቅም። ማወቅም አያስፈልጋትም።

አሁን የሚደረገው እንዲህ ነው። ሐሳቡን በአንድ ቃል ጥሩት፦ "ኪራይ።" በልባችሁ፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ አሁን እየወጣ ያለውን ትንፋሽ ሳትቆጥሩ ዝም ብላችሁ እስኪያልቅ ተከተሉት። ቀጣዩ ሲወጣ "አንድ" ብላችሁ አውራ ጣታችሁን ጠቋሚው ላይ መልሱ። በቃ። ሁለት ትንፋሽ የማይሞላ ሥራ ነው።

የማይደረገውን ደግሞ ላስቀምጥ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን "ይቺን ብቻ ልጨርስ" ብላችሁ አትቀጥሉ፤ መጨረሻ የለውም። ሐሳቡ እንዴት ከአከራይ ወደ አይሱዙ እንደደረሰ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አትመርምሩ። "ሁለት ላይ ነበርኩ መሰለኝ" ብላችሁም ከሦስት አትቀጥሉ። ሁልጊዜ ከአንድ ነው። ቁጥሩ እዚህ ያለው እንዲጠራቀም ሳይሆን መጥፋታችሁን እንዲያሳብቅ ነው። በግምት ከቀጠላችሁ ማሳበቁን ያቆማል።

ከሁሉ የባሰው ግን ከተመለሱ በኋላ የሚመጣው ነው። "ይኸው፣ ዛሬም ጠፋሁ። እኔ እኮ ትኩረት የሚባል ነገር የለኝም።" ይህ ራሱ ሌላ ሐሳብ ነው፤ ከኪራዩም ሊረዝም ይችላል። መልኩ ግን ሥራ የሚሠራ ስለሚመስል አትጠረጥሩትም። እሱንም በአንድ ቃል ጥሩት። "ወቀሳ" ይባል። ከዚያ አንድ።

ልጅቷ በአምስቱ ደቂቃ 75 ጊዜ ያህል ትተነፍሳለች። አንዴም ባትጠፋ 25 ዙር ይሆናል። እውነተኛ ጀማሪ ግን ስምንት ወይም አሥር ሙሉ ዙር ካገኘ በቂ ነው። ሌላው ጊዜ በመጥፋትና በመመለስ ያልፋል፤ ልምምዱ በዋናነት መመለሱ ነው። አሥር ጊዜ ጠፍቶ አሥር ጊዜ የተመለሰ ሰው አሥር ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው።

የሚያታልለው ቆጠራ

ትንሽ ስትለምዱ ሌላ ችግር ይመጣል። ከመጀመሪያው ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ቁጥሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ እናንተ ግን የላችሁም። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ..." ይላል አፋችሁ በልባችሁ ውስጥ፤ ሐሳባችሁ ደግሞ ፒያሳ ውስጥ ጫማ እየመረጠ ነው። ይህ የሚሆነው ቆጠራ በጣም የለመድነው ነገር ስለሆነ ነው። ያለ እኛ መሄድ ይችላል።

እንዴት ይታወቃል? ራሳችሁን ይህችን ጥያቄ ጠይቁ፦ ያሁኑ ትንፋሽ ካለፈው ይረዝማል ወይስ ያጥራል? ወዲያው መመለስ ከቻላችሁ እዚያው ናችሁ። "እ?" ካላችሁ ስትቆጥሩ የነበረው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሌላው ምልክት ጣቱ ነው። አፍ "ሦስት" ሲል ጣት ሁለት ላይ ከተገኘ፣ ወይም ደግሞ "አራት" ብላችሁ ራሳችሁን ከያዛችሁ፣ ነገሩ ግልጽ ነው።

የጣቷ ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሥራ ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሰዎቹ ትንፋሻቸውን እስከ ዘጠኝ እንዲቆጥሩ ተደረገ። ከአንድ እስከ ስምንት አንድ ቁልፍ፣ ዘጠነኛው ላይ ሌላ ቁልፍ ይጫናሉ። ሰውየው ሳያውቀው ሲስት ቁልፉ ያሳብቅበታል። በትክክል የቆጠሩት ሰዎች ሐሳባቸው የሚንከራተተውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኛ ኮምፒውተር አያስፈልገንም። ጣታችን ይበቃናል።

ቁጥሩ ብቻውን መሄድ ሲጀምር መፍትሔው ቁጥሩን ማጥበቅ አይደለም። ድምፁን ቀንሱት። ቁጥሩ በልብ ውስጥ ሹክ የሚባል ይሁን፤ የአፍንጫው ቅዝቃዜና ሙቀት ደግሞ ጎላ ይበል።

ወደ አምስትና ወደ አሥር

መቼ ይታለፋል? እኔ የምጠቀመው መለኪያ ቀላል ነው። በአንድ መቀመጥ ውስጥ አምስት የሦስት ዙሮች ሳይቋረጡ ከተከታተሉ፣ ይህ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ጣትና ቁጥርም ካልተለያዩ፣ ያ ጥሩ ቀን ነው። ሦስት ጠዋት በተከታታይ እንዲህ ከሆነ ወደ አምስት እለፉ። አራተኛው ቁጥር ላይ አውራ ጣት ትንሿን ጣት፣ አምስተኛው ላይ የጠቋሚውን ሥር ይንካ። አምስትም በዚሁ መለኪያ ከሄደ ወደ አሥር። እዚያ ስትደርሱ ጣቱን መተው ትችላላችሁ።

ዕድገቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሌሊት ውኃ መጥቶ በርሜል ስትሞሉ ካደራችሁ፣ ወይም ከሰው ጋር ከተጣላችሁ፣ በማግስቱ ሦስትም ይከብዳል። ያን ቀን እስከ ሁለት ቁጠሩ። ሌላ አማራጭም አለ፦ መሳቡን "አንድ"፣ ማስወጣቱን "ሁለት" ማለት። እንዲህ ሲሆን በቁጥርና በቁጥር መካከል ያለው ጊዜ ከ4 ሰከንድ ወደ 2 ይወርዳል፤ ሐሳብ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል።

ደቂቃውን ለመጨመር አትቸኩሉ። አሥር ላይ ሳትደርሱ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ማሰብ ይሆናል።

ለማን አይሆንም

ትንፋሽን ማየት ሁሉንም ሰው አያረጋጋም። አንዳንዱ ሰው ትንፋሹን ሲያዳምጥ ይባስ ይጨነቃል፤ አየር ያጠረው ይመስለዋል፤ ልቡ ይመታል። ከባድ ነገር ያሳለፉና ድንገተኛ ጭንቀት የሚይዛቸው ሰዎች ላይ ይህ ይታያል። አስም ያለበትም ሰው ትንፋሹ ላይ ማተኮሩ ሊያስጨንቀው ይችላል። "ልለምደው" ብላችሁ አትጋፉት። አቁሙ። በተደጋጋሚ የሚመጣ ከሆነ ወይም የአእምሮ ሕክምና እየተከታተላችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩ።

እንዲህ ላለ ሰው እርምጃ መቁጠር ይሻለዋል። ዓይን ክፍት፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር፣ ቀኝ እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ እንደገና አንድ። የሚታየው ነገር የእግር መዳፍ አስፋልቱን ሲነካ ያለው ስሜት ነው። ሲጠፋ የሚደረገው ያው ነው፦ በአንድ ቃል መጥራት፣ አንድ እርምጃ ሳይቆጥሩ ማሳለፍ፣ ከአንድ መጀመር። መንገድ ስታቋርጡ ግን ቆጠራውን አቁሙና መኪናውን እዩ።